ስለ መልእክቶች ቅደም ተከተል

በአንድ የላኪ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት በየጧቱ ብዙ መልእክት ይደርሳል። በደረሰበት ተራ ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም፤ ይህ ልማድ መለወጥ የሚገባው መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎች ለማስረዳት እወዳለሁ። የሚሻለው ለእያንዳንዱ መልእክት በሦስት ነገር ነጥብ መስጠት ነው፤ ይኸውም በላኪው ማንነት፤ በቃሉና በቀነ ገደቡ።

ባንክ፤ ጉምሩክና የመርከብ ወኪል 3 ነጥብ፤ የታወቀ ደንበኛ 2፤ ያልታወቀ ሰው 0 ያገኛል። ስለ ጭነት ሰነድ ወይም ስለ ክፍያ የሚናገር ቃል 3፤ የዋጋ ጥያቄ 2 ይሰጠዋል። ቀኑ ዛሬ ወይም ነገ ከሆነ 5፤ እስከ አምስት ቀን 3፤ እስከ ሁለት ሳምንት 1 ነው። ድምሩ 7 የሞላው ወዲያውኑ ይቀርባል፤ ከ4 እስከ 6 ያለው ከሰዓት በኋላ ይታያል፤ የቀረውን ጸሐፊው ይመልሰዋል።

ለምሳሌ ቡና በጁላይ 3 ተጭኗል እንበል። በጁላይ 20 ሦስት መልእክቶች ይደርሳሉ። የመርከብ ወኪሉ በጭነት ሰነዱ ላይ የገዢው ስም በአንድ ፊደል መሳሳቱን በአጭሩ ይገልጻል፤ አንድ የቆየ ደንበኛ ዋጋ ይጠይቃል፤ አንድ ያልታወቀ ሻጭ ደግሞ «እጅግ አስቸኳይ» ብሎ በአሥር ቀን የሚያበቃ የመኪና ቅናሽ ያቀርባል። ደንበኛው 4፤ ሻጩ 1 ያገኛሉ። የወኪሉ መልእክት ግን ቀን ስላልጠቀሰ 6 ብቻ መስሎ ይታያል።

ቀኑ የሚገኘው ከመዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፤ በዩሲፒ 600 መሠረት፤ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር ሰነዱ ከተጫነበት ቀን በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱም ሳያበቃ ለባንክ መቅረብ አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ጁላይ 24 ነው። የቀሩት አራት ቀኖች 3 ነጥብ ጨምረው ድምሩን 9 ያደርሱታል። ቀኑ ካለፈ ባንኩ ሰነዱን ላለመቀበል ይችላል፤ ዋጋውም በገዢው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

«አስቸኳይ» ለሚለው ቃል ነጥብ ያልሰጠነው፤ ይህን ቃል መጻፍ ለማንም ስለማያስቸግር ነው። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድም ነጥቡ ስለሚያድግ፤ ያልተፈጸመው ሁሉ በየጧቱ እንደገና ሊደመር ይገባል።

ይሁን እንጂ ነጥብ የሚያሳየው ተራን እንጂ እውነትን አይደለም። የደንበኛን ስም ይዞ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል፤ ዛሬውኑ ክፈሉ» የሚል መልእክት 10 ነጥብ ያገኛል፤ አታላዮችም የሚጽፉት እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው፤ በመልእክቱ ውስጥ በተጻፈው ሳይሆን አስቀድሞ በመዝገብ በተያዘው ስልክ ሳይረጋገጥ ሊከፈልበት አይገባም።

በየሳምንቱ መጨረሻም ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን መመርመር ያስፈልጋል። ከእነርሱ መካከል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊያየው ይገባ የነበረ ቢገኝ፤ መታረም ያለበት የነጥቡ ሠንጠረዥ ነው።