140 ሺህ ብር "ያተረፈው" ወፍጮ ቤት

ወፍጮ ቤቱ አትርፏል፤ ወረቀቱ እንዲያ ይላል። እኛ ግን ወረቀቱን አናምነውም። ለምን እንደማናምነው ለማየት የአንድ ወፍጮ ቤት ሒሳብ አብረን እንሥራ። አትፍሩ፣ መደመርና ማባዛት ብቻ ነው።

ሦስት ጓደኛሞች አንድ ሚሊዮን ብር አዋጥተው የግል ማኅበር አቋቋሙ እንበል። በዓመቱ መጀመሪያ በ600 ሺህ ብር ወፍጮ ገዙ፣ 400 ሺውን ባንክ አስቀመጡ። ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው የኪራይ፣ የመብራትና የደመወዝ ወጪ ተከፍሎ 200 ሺህ ብር በእጃቸው ቀረ። ወፍጮው አሥር ዓመት ያገለግላል ስለተባለ ሒሳብ ሹማቸው 60 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ያዘ። የተጣራ ትርፍ 140 ሺህ ብር። እሰየው! በዚያው ዓመት ግን የዋጋ ኢንዴክሱ ከ100 ወደ 130 ወጥቷል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመግዣ ዋጋ የተያዘ ሒሳብ የአምናውን ብርና የዘንድሮውን ብር አንድ ነገር ናቸው ብሎ ይደምራል፣ ይቀንሳል። የዘንድሮ ገቢ በዘንድሮ ብር ይገባል፤ የሚቀነስለት እርጅና ግን በአምና ብር የተለካ ነው። ትርፉ ቢያብጥ ምን ይገርማል?

ሒሳቡን ለዋጋ ለውጥ እናስተካክል። መጀመሪያ ንብረቱን ለሁለት እንለያለን። ጥሬ ገንዘብ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብና ዕዳ ቀድሞውንም በዛሬ ብር የተጻፉ ናቸውና አይነኩም። ወፍጮውና መዋጮው ግን በ1.3 ይባዛሉ። ወፍጮው 780 ሺህ ይሆናል፤ የአንድ ዓመት እርጅናው 78 ሺህ ሲነሳ 702 ሺህ ይቀራል። ባንክ ያለው 600 ሺህ ያው 600 ሺህ ነው። ድምሩ 1,302,000 ብር። ጓደኛሞቹ ያዋጡት ገንዘብ ደግሞ በዛሬ ብር 1,300,000 ነው። ትርፋቸው ስንት ሆነ? ሁለት ሺህ ብር!

ታዲያ 138 ሺሁ የት ገባ? 18 ሺሁ እርጅናው ከ60 ወደ 78 ሺህ በማደጉ የመጣ ነው። 120 ሺሁ ደግሞ ባንክ የተኛው 400 ሺህ ያጣው የመግዛት አቅም ነው (ወለዱን ለማቅለል ትተነዋል)። በዓመቱ የገባው 200 ሺህ ሲስተካከል ከፍ ይላል፤ ነገር ግን እሱም በጥሬ ገንዘብ ስለተቀመጠ ያንኑ ያህል ያጣል፣ ይጣፋል። ገንዘቡ በተቀማጭ ፈንታ ዕዳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ተበዳሪው የሚመልሰው የቀለለ ብር ነውና ትርፍ ይመዘገብለታል።

አሁን ግብር ይምጣ። በወረቀቱ 140 ሺህ ላይ 30 በመቶ ቢከፈል 42 ሺህ ብር ነው። እውነተኛው ትርፍ ሁለት ሺህ ከሆነ 40 ሺሁ የተከፈለው ከካፒታላቸው ነው ማለት ነው። የቀረውን 98 ሺህ "ትርፋችን ነው" ብለው ቢከፋፈሉት ደግሞ ወፍጮ ቤታቸውን በራሳቸው እጅ እየበሉት ነው። የሚያስቆጨን ይህ ነው፤ ማንም ሳይሰርቃቸው፣ ሒሳብ ሹማቸውም ሳይሳሳት።

ይህን ማስተካከያ የሚያዘው ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ስታንዳርድ ቁጥር 29 እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ነው። ከምልክቶቹ አንዱ የሦስት ዓመት ድምር ግሽበት 100 በመቶ ላይ መድረሱ ወይም መጠጋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የአገራችን ድምር ከዚያ በላይ ነበር፤ የኬንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 በተዘጋው ዓመት ሒሳቡ የኢትዮጵያ ቅርንጫፉን ቁጥሮች በዚሁ መንገድ አስተካክሎ አቅርቧል።

እኛ የምንከራከረው በመቶው ላይ ነው። በዓመት 26 በመቶ ግሽበት በሦስት ዓመት ዋጋን እጥፍ ያደርጋል። 20 በመቶ የሆነ ግሽበት ግን በሦስት ዓመት 73 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል፤ ምልክቱ ጋ አልደረሰምና ብዙዎች ዝም ይላሉ። አሥር ዓመት ለሚያገለግል ወፍጮ ይህ ዝምታ ከባድ ነው። ስታንዳርዱ ባያስገድድ እንኳ ባለቤቶቹ ትርፍ ከመከፋፈላቸው በፊት የሚያዩት አንድ ገጽ የተስተካከለ ሒሳብ ቢኖር ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ግን አንደብቅም። ማባዣው የአጠቃላይ ዋጋ ኢንዴክስ ነው እንጂ የወፍጮው ዋጋ አይደለም። 702 ሺህ ማለት ወፍጮው በዚያ ይሸጣል ማለት አይደለም፤ ያን ያህል የማያስገኝ ከሆነም ዝቅ ተደርጎ መጻፍ አለበት። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ወፍጮው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ አዲሱን ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር ከኢንዴክሱ ቀድሞ ሮጧል። የተስተካከለው ሒሳብ ያዋጡት ገንዘብ የመግዛት አቅም መጠበቁን ይነግራቸዋል። ሁለተኛ ወፍጮ መግዛት ይችሉ እንደሆነ ለማወቅ ግን አስመጪው ጋ ደውለው ዋጋ መጠየቅ አለባቸው።