ፕሪሚየም ቀብድ አይደለም

አንዳንድ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ኮል ኦፕሽን እኮ ቀብድ ማለት ነው» ይሉኛል። አይደለም! ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤት ስትገዙ የሰጣችሁት ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰብላችኋል። የኮል ኦፕሽን ፕሪሚየም ግን አይታሰብም፣ አይመለስም። የመግዛት መብቱ ዋጋ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ያቀረበው በ300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። እንበልና አንድ ሰው እነዚህን 33 አክሲዮኖች እስከ ሦስት ወር በ300 ብር የመግዛት መብት ሸጠላችሁ። ፕሪሚየሙ በአንዱ 20 ብር፣ በጠቅላላው 660 ብር ነው እንበል።

ገበያው 340 ከደረሰ በ300 ገዝታችሁ ትሸጣላችሁ፤ ፕሪሚየሙ ተቀንሶ 660 ብር ይተርፋችኋል። 310 ላይ ከቆመም መግዛቱ ይሻላል፤ ግን አንዱ አክሲዮን 320 ስለፈጀባችሁ 330 ብር ትከስራላችሁ።

280 ከወረደስ? አትገዙም፣ የሚያስገድዳችሁም የለም። 660 ብሩ ግን ሄደ። አክሲዮኑን ራሱን በ300 የገዛ ሰውም ያው 660 ብር ጎድሎበታል። ልዩነቱ፣ እሱ አክሲዮኑ እጁ ላይ ነው፤ በአራተኛው ወር ዋጋው ቢያንሰራራ ይጠቀማል። የእናንተ ቀን ግን አልፏል።

ስለዚህ «ቢከስርም ትንሽ ነው» የሚላችሁን «ከስንት ላይ?» በሉት። ባለአክሲዮኑ ያጣው ከ9,900 ብር ላይ 660 ነው። እናንተ ያጣችሁት የከፈላችሁትን በሙሉ ነው።