የማን ልጅ ደብዳቤ ነው?

በልጅነቴ የሠራሁት አንድ ስሕተት አለ፤ እስከ ዛሬ ያሥቀኛልም፣ ያሳፍረኛልም፡፡ መልካ ወረር በጥጥ እርሻው ሠራተኞች ሰፈር ስንኖር፣ ከጎረቤቶቻችን ፊደል የቆጠረው ጥቂት ስለነበረ፣ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው በተማሪ አፍ ነበር፡፡ እኔም ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና ከአንባቢዎቹ አንዱ ሆንኩ፡፡ ደብዳቤ በየቤቱ አይታደልም፤ በመሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን በኩል ወይም በአድራሽ እጅ ይመጣል፡፡ አንድ ቅዳሜ ሁለት ፖስታ አብረው ደረሱኝ፤ አንዱ ከጅዳ፣ ሌላው ከቤይሩት፡፡ ሁለቱንም ከፍቼ ወረቀቶቹን አቀያየርኳቸውና፣ የቤይሩቷን ልጅ ደብዳቤ ለጅዳዋ ልጅ እናት ማንበብ ጀመርኩ፡፡

እናትየው አለቀሱ፡፡ «እሰይ የኔ ልጅ» እያሉ መረቁ፡፡ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደኅና ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ መሬቱን ሳሙ፡፡ እኔም ሆንኩ እርሳቸው፣ ቡና ሊጠጡ የተሰበሰቡት ጎረቤቶችም፣ ማንም ምንም አልጠረጠረም፡፡ ነገሩ የታወቀው መጨረሻ ላይ ነው፡፡ «ለሦስቱ ወንድሞቼ ሰላም በሉልኝ» ብዬ ሳነብ ሴትዮዋ ቀና አሉና «የትኞቹ ሦስት ወንድሞቿ?» አሉኝ፡፡ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፡፡

ያንን ቀን ያስታወስኩት እኔም በተራዬ በባዕድ አገር ተቀምጬ ለእናቴ የምጽፈውን ደብዳቤ ባለፈው ዓመት ዳግመኛ ለመጻፍ በተገደድኩ ጊዜ ነው፡፡ በዲቪ ወጥቼ ኑሮዬ ቨርጂንያ ነው፡፡ «በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ብዙ ነው፡፡ እናቴ ግን ስልኩን አትወደውም፤ ሰላምታ ሳንጨርስ መስመሩ ይቆረጣል፡፡ ደብዳቤውን በቆርቆሮ ሣጥን ታስቀምጥና በበዓል ቀን ደግማ ታስነብበዋለች፡፡ የሚያነብላት ታናሽ ወንድሜ ነው፡፡ ይህንን ልብ ይሏል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና፡፡

የአጎቴ ልጅ ደውላ ወንድሜ በሎግያ በኩል ጅቡቲ ገብቶ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሊሄድ ከጓደኞቹ ጋር መክሯል አለችኝ፡፡ ለምን ብዬ ብጠይቃት «ያንተን ደብዳቤ ያነባል፤ ፎቶግራፍህንም ያያል» ብላ መለሰችልኝ፡፡ ያን ጊዜ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ገና አልላክሁትም ነበር፡፡ አውጥቼ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አነበብኩት፡፡ እንዲህ ይላል፡፡

«ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፡፡ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፡፡ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ፡፡ ሥራዬም መልካም ነው፡፡ ለበዓል መዋያ ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፡፡ ታናሽ ወንድሜ በርትቶ ይማር፡፡ በቸር ያገናኘን፡፡»

ስሜን በጣቴ ሸፈንኩትና ይህንን ማን ጻፈው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፡፡ የጅዳዋ ልጅ ልትጽፈው ትችላለች፡፡ የቤይሩቷም እንዲሁ፡፡ ውሸት ተብሎ የሚነቀስ ቃል የለበትም፤ ነገር ግን «ሥራዬም መልካም ነው» የምትለው አጭር ዐረፍተ ነገር አራት ወር ሥራ ፈትቼ መክረሜን ሸሽጋ ይዛለች፡፡ ወንድሜም በዚያች ሽፋን ላይ የራሱን ሥዕል ሥሎባታል፡፡

ሰላምታውን ይጣል የሚሉ ዘመናውያን አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ እንኳ ወደ ጉዳያቸው ከመግባታቸው በፊት ጤና ጠይቀው የራሳቸውንም ደኅንነት ተናግረዋል፡፡ ደብዳቤያችን በሰው ፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው፤ ሰላምታ የሌለበት ደብዳቤ በጎረቤት ፊት እናትን ያሳፍራል፡፡ የስም ዝርዝሩም አይነካም፡፡ በልጅነቴ ያጋለጠኝ እርሱ ነው፤ ከመላው ደብዳቤ የላኪዋ የራሷ የነበረው ያ መስመር ብቻ ነበርና፡፡ መለወጥ ያለበት ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፡፡

ይህንን ደግሞ ያደግሁበት አገር አስተምሮኛል፤ እኔ ነኝ የዘነጋሁት፡፡ አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፡፡ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያም ዐረፍ ብለው አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፡፡ ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? ማን ታመመ? በመንገድህ ማንን አየህ? ተናጋሪው ያየውን ካየው፣ የሰማውንም ከሰማው ለይቶ፣ ከማን እንደሰማ ጭምር ይናገራል፡፡ በሰሙት ወሬ መንጋ ይነዱበታል፤ ስለዚህ ያጣመመ ሰው ይነቀፋል፣ ቃሉም ዋጋ ያጣል፡፡ በዳጉ «ደኅና ነኝ» በሩ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም፡፡ እኔ ለእናቴ በሩን ብቻ ስልክ ኖሬያለሁ፡፡

እንግዲህ ሰላምታውን እንደነበረ ትቼ «ሥራዬም መልካም ነው» የሚለውን ሰረዝኩና በምትኩ አንድ ሌሊቴን አስቀመጥኩ፡፡

«እማዬ፣ የምሠራው አራት ፎቅ ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ፎቁን የሞላው መኪና ነው እንጂ ሰው አይኖርበትም፡፡ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገብቼ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ፡፡ የምቀመጥባት ክፍል የእርሻው ፓምፕ ጠባቂ ከሚያድርባት ጎጆ ትጠባለች፡፡ ብርድ ሲገባ እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ አደርጋለሁ፤ ጉልበቴ ሲሞቅ ጀርባዬ ይበርደዋል፡፡ የኛን የግንቦት ሐሩር ስረግመው እንዳልኖርኩ ናፈቀኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ለፋሲካ በላክሁልሽ ፎቶግራፍ ላይ የተደገፍኳት ነጭ መኪና የኔ አይደለችም፡፡ ባለቤቷ ጠዋት መጥቶ ወሰዳት፡፡»

ስለ መኪናዋ የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መለስኩት፡፡ የወንድሜን ልብ ያሸፈተች እርሷ እንደሆነች ስለጠረጠርኩ ተወችልኝ፡፡

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር መጣ፡፡ እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ስለ እውነት ሲባል ሁሉን መዘርገፍ እናትን እንቅልፍ መንሳት ነው፡፡ እናቴ ከእንግዲህ ምንም ልታደርግበት የማትችለውን መከራ ከነትኩሳቱ መጻፍ ፍቅር አይመስለኝም፡፡ መፍትሔ ሆኖ ያገኘሁት ካለፈ በኋላ፣ ከነመጨረሻው መናገርን ነው፡፡ «አምና ከኅዳር እስከ የካቲት ሥራ አልነበረኝም፡፡ ያን ጊዜ የላክሁልሽ ገንዘብ ከጓደኛ የተበደርኩት ነበር፤ በሐምሌ ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩ፡፡ መጀመሪያው ከነመጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ስለሚነበብ እናቴ የምትደነግጥበት ጊዜ አይኖራትም፤ ወንድሜ ግን ወሮቹን ይቆጥራል፡፡

ጥያቄዎቼንም ለወጥኳቸው፡፡ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ ነው፡፡ ከሥሩ «ቀኝ ጉልበትሽ ከአልጋ ስትነሺ ነው የሚያምሽ ወይስ ስትሄጂ?» የሚል ጨመርኩ፡፡ «ታናሽ ወንድሜ በርትቶ ይማር» የሚለውንም አነሣሁት፤ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ቆይቷል፣ እኔ ግን በየዓመቱ ሳስተምረው ነበር! በምትኩ እርሱ ብቻ የሚመልሰውን ጠየቅሁት፤ ጨው አውጥቶ የተተወው ማሳ ታጥቦ ተዘራ ወይስ እንደተጣለ ነው? በኛ በኩል የመስኖ ውኃ ጨውን ከሥር እየሳበ ስንት መልካም የጥጥ መሬት እንዳባከነ የሚያውቅ፣ ይህ ጥያቄ ለልጁ የኑሮ ጥያቄ መሆኑን ይረዳልኛል፡፡

የቀረው ኦቦክ ነበር፡፡ በመጀመሪያ «በመስከረም 2017 በኦቦክ ባሕር ሁለት ጀልባ ሰጥሞ ከ40 በላይ ሰው አልቋል» ብዬ ጻፍኩ፡፡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለክፍል ጓደኛዬ ሳነብለት «ይሄማ ሬዲዮ ነው» አለኝ፡፡ ልክ ነበር፤ ወንድሜ ይህንን ከእኔ በፊት ሰምቷል፡፡ ከአንድ ፎርም አምልጬ ሌላ ፎርም ውስጥ ገብቻለሁ፡፡ ሰረዝኩትና በዳጉ ሥርዓት፣ በተለየች ቅጠል ላይ፣ ለእርሱ ብቻ ጻፍኩለት፡፡

«ይህችን ለብቻህ አንብባት፡፡ የምነግርህን እኔ አላየሁትም፤ የሰማሁት ነው፡፡ የነገረኝ በዚያው ባሕር የተሻገረና አሁን እኛ ጋ መኪና የሚያጥብ የወሎ ሰው ነው፡፡ የየመን ዳርቻ ከርቀት ሲታይ ጀልባው ቆመ ይላል፡፡ ባለጀልባዎቹ ዳርቻው ድረስ መቅረብ ስለፈሩ ዝለሉ አሏቸው፡፡ ዋና አይችልም ነበር፤ አንተም አትችልም፡፡ ከዳር ሲደርስ ሌሎች ሰዎች ይዘውት ስልክ ሰጡትና እናትህን ጥራ አሉት፡፡ ልትሄድ ብትቆርጥ ላስቆምህ አልችልም፡፡ ስልኩን የምታነሣው ግን እማዬ ናት፡፡»

ሁለቱንም ወረቀት ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁ፡፡ በስድስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ ጽሕፈቱ የወንድሜ ነው፡፡ የእናቴ ጉልበት የሚያማት ከአልጋ ስትነሣ ነው፡፡ ማሳው እንደተጣለ ነው፤ ፕሮሶፒስ ወርሶታል፣ ከብት እንኳ አያስገባም፡፡ እማዬ የመኪናዋን ነገር ስትሰማ ሣቀች፣ «መቼ አጣሁት» አለች፡፡ ስለ መሄዱም ሆነ ስለ መቅረቱ አንዲት ቃል አልጻፈም፡፡ ከስሙ በታች ግን ያ የወሎ ሰው ሲዘል ውኃው የት እንደደረሰው፣ ቁመቱም ከእርሱ ቁመት ጋር እንዴት እንደሆነ ጠይቄ እንድጽፍለት አዝዞኛል፡፡

ቅዳሜ ሰውየውን ጠየቅሁት፡፡ ከእኔ በአንድ ጋት ይረዝማል፤ ውኃው አገጩ ድረስ ነበር፡፡ ወንድሜ ከእኔ ያጥራል፡፡ ይህንኑ ጽፌለታለሁ፡፡