በተዝካር ሰሞን የሚታደሉ ልጆች

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ እናትም አባትም የሞቱባቸው ልጆች ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በተዝካሩ ሰሞን ነው። ዘመድ ተሰብስቧል፣ ሽማግሌ አለ። ወንዱ ለአጎቱ፣ ታናሿ ለአክስቷ ትባላለች። ተቀባዩም «የወንድሜ ልጅ ልጄ ነው» ብሎ ይወስዳል። ደግነቱ የውሸት አይደለም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ እስከ ጉና ሥር ሲደርስም ሆነ ከዚያ በፊት በነበረው የኤችአይቪ ክፉ ዘመን፣ ብዙ የሙት ልጆችን ከጎዳና ያዳነው ይኸው ልማድ ነው።

ክፋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቃል ከተሰጠ ወረቀት ምን ያደርጋል ይባልና ነገሩ ይተዋል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የሟቹ የመሬት ደብተር፣ የባንክ ሒሳብ ወይም ጡረታ ሲፈለግ ግን ወረዳ ፍርድ ቤት ተሂዶ የሞግዚትነት ማስረጃ ይወጣል። ያን ወረቀት የያዘ ሰው ልጁን በሕግም የራሱ ያደረገው ይመስለዋል። ጎረቤቱም፣ ልጁም እንደዚያው ያምናሉ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። ፋርጣ ወረዳ ውስጥ አንድ ገበሬና ሚስቱ ሞተው የአሥር ዓመት ልጅና ሦስት ጥማድ መሬት ቀረ እንበል። ደብረ ታቦር ከተማ ሱቅ ያላት የአባቱ እህት ልጁን ወሰደችው። የራሷ ሁለት ልጆች አሏት። ፍርድ ቤትም ሞግዚትና አሳዳሪ አድርጎ ሾማት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጁን ደኅንነት ትጠብቃለች፣ ንብረቱን በስሙ ታስተዳድራለች። ነገር ግን እናቱ አልሆነችም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለባቸውን ዘመዶች ሲቆጥር ወላጅን፣ አያትን፣ ልጅን፣ እህትና ወንድምን ይጠቅሳል፤ አጎትና አክስትን አይጨምርም። ስለዚህ አክስቲቱ ከራሷ ኪስ የምታወጣው በርኅራኄ እንጂ በግዴታ አይደለም። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ሲያወጣ በዋና ዋናው የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

የከፋው አክስቲቱ ስትሞት ይመጣል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሱቅ ጠብቆ፣ ዕቃ ተሸክሞ አድጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ውርሱን አስቀድሞ የሚሰጠው ለተወላጆች ነው። ሁለቱ ልጆቿ ሱቁን ለሁለት ይካፈላሉ፤ «ልጄ» ሲባል የኖረው ባዶ እጁን ይወጣል። አክስቲቱ ልጅ ባይኖራት ኖሮ በሟች አባቱ ምትክ ገብቶ ከዘመዶቹ ጋር ይካፈል ነበር። የሚገርመውም ይህ ነው፦ በዚያን ጊዜ የሚያወርሰው የወንድም ልጅነቱ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ዓመት ምንም አይጨምርለትም።

በጉዲፈቻ ወስዳው ቢሆን ኖሮ ሱቁ ለሦስት ይካፈል ነበር። የጉዲፈቻ ልጅ በውርስ ከተወላጅ ልጅ ጋር እኩል ነው፣ ቀለብም በግዴታ ይገባዋል። ለዚህም ጉዲፈቻ አድራጊው ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባለትዳር ከሆነም ሁለቱም ይስማማሉ። ውሉን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ዳኛው የልጁን ሐሳብ ይሰማል፣ የአሳዳጊውንም አቅም ይመዝናል።

ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው የሚያነሡት «የአባቱ ቤት ይዘጋል» የሚል ነው። አይዘጋም። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንዳለ ይቆያል፤ አያቱ ሲሞቱም በአባቱ ፋንታ ይወርሳል። ፍርሃታቸው ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ከሁለቱ ቤተሰብ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ሕጉ የሚያስቀድመው የጉዲፈቻውን ነው። ልጁ ሳይወልድ ቢሞት የሦስቱ ጥማድ መሬት ጥያቄ ወደ አሳዳጊው እንደ ወላጅ ሊዞር ይችላል ማለት ነው። ጉዲፈቻም እንደ ሞግዚትነት በቀላሉ የሚሻር ነገር አይደለም። ስለዚህ «ሁሉም በጉዲፈቻ ይውሰድ» የሚለው የከተማ ምክርም የችኮላ ምክር ነው።

ሞግዚትነት በደንብ ከተሠራበት የሙት ልጅን ንብረት ይጠብቃል። በ1997 ወጥቶ እስከ 2016 የሠራው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሞግዚታቸው አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር። መብቱ የልጁ ነው፤ ሞግዚቱ የሚሠራው በእርሱ ስም ነው። በተግባር ግን መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጥና የምርቱ ግማሽ ሞግዚቱ ጎተራ ይገባል። ልጁ ምን በላ፣ ምን ተረፈ የሚል የለም። ከዚህ የባሰው ባሕር ዛፉ ነው። ደብረ ታቦር ዙሪያ ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። አጎት በሙት ልጅ ማሳ ላይ ይተክላል፣ ልጁ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ቆርጦ ይሸጣል። ጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥ ልጁ አሥራ ስምንት ይሞላዋል፤ የሚረከበውም የደከመ ማሳ ከነጉቶው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ከባድ አይደለም። ሞግዚቱ በተሾመ ጊዜ የንብረት ዝርዝር ካልተጻፈ፣ በየዓመቱም ሒሳብ ጠያቂ ከሌለ፣ ነገሩ ከጅምሩ ተበላሽቷል።

ደም ብቻውን እንደማይበቃ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አሳይቷል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ አባት ለዓመታት ርቆ ቆይቶ ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነውና ብለው ሰጡት። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ውሳኔውን ሻረ። ይህ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ስለዚህ ፋርጣ ላይም ጋይንት ላይም ይሠራል። አክስቲቱ ረትታለች፤ ሆኖም ያ ፍርድ የሰጣት ልጁን የማሳደግ መብት ነው፣ ልጁን ወራሿ አላደረገውም።

ጉዲፈቻውን የማትፈልግ፣ ልጁ ግን ከሱቋ እንዲካፈል የምትሻ አክስት ኑዛዜ መጻፍ ትችላለች። ሙሉ በሙሉ በራሷ እጅ ልትጽፈው ትችላለች፤ ወይም ሌላ ሰው ጽፎት በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብና ይፈረምበታል። በደጋው የተለመደው ግን ሌላ ነው፦ ታማሚዋ አልጋ ላይ ሆና ነፍስ አባቷንና ጎረቤት ሰብስባ «ሱቁን ከልጆቼ ጋር ይካፈል» ትላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሁለት ምስክር ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜን ይቀበላል፤ የሚቀበለው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ሞግዚት ስለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሞት አባት «ልጄን ለእህቴ» ብሎ በቃል ቢናገር ሕግ ይሰማዋል፤ እህቲቱ ኋላ በዚያው አኳኋን ሱቋን ልስጠው ብትል ለልጁ የሚደርሰው 500 ብር ነው።