ሲስተሙ አይሳሳትም፣ የምናስገባለት ቁጥር ግን ይሳሳታል

ዛሬ የቡና ዋጋ አይደለም የማወራው፣ ቡናውን የምንሞላበትን ጆንያ ነው። ጆንያው ላይ የሚከፈለው ቀረጥም ዞሮ ዞሮ እኛው ኪሎ ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ አብሬው የምሰራ ላኪ የጁት ጆንያ ከባንግላዴሽ አስመጣ። የከፈለው ቀረጥና ታክስ ካሰበው በለጠበትና ደወለልኝ። «ትራንዚተሩን ጠየቅኩት፣ ስሌቱን የሰራው ሲስተሙ ነው፣ ሲስተም ደግሞ አይሳሳትም አለኝ። እስቲ አንተ እየው» አለ። «ጋሼ፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ኢንቮይሱን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» አልኩት። ላከልኝ። ትራንዚተሩ እውነቱን ነው፣ የሲስተሙ ስሌት ልክ ነበር። ስህተቱ ያለው ስሌቱ ሳይጀመር ነው።

ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አስተካክዬ ላስቀምጥ። ጆንያው 20,000 ፍሬ ነው፣ የአንዱ ዋጋ 1 ዶላር። እስከ ጠረፋችን ያለው ማጓጓዣ 3,000 ዶላር፣ ኢንሹራንሱ 100 ዶላር። ሲደመር 23,100 ዶላር ይሆናል፣ ሲአይኤፍ የምንለው ይህ ነው። ምንዛሪውን 150 ብር ብንይዝ 3,465,000 ብር ይመጣል። የቀረጡን ምጣኔ ለምሳሌ 10 በመቶ እንያዝ፣ ኤክሳይዝ የለውም፣ ሱር ታክስ ይመለከተዋል እንበል። የራሳችሁን እቃ ምጣኔ በታሪፍ ቁጥሩ ከታሪፍ መጽሐፉ ላይ ታያላችሁ። ስሌቱ እንዲህ ይወርዳል፦

ቀረጥ፣ የሲአይኤፉ 10 በመቶ፦ 346,500 ብር
ቫት፣ የሲአይኤፍና የቀረጡ ድምር 15 በመቶ፦ 571,725 ብር
ሱር ታክስ፣ የሲአይኤፍ፣ የቀረጥና የቫቱ ድምር 10 በመቶ፦ 438,322.50 ብር
ማህበራዊ ልማት ቀረጥ፣ የሲአይኤፉ 3 በመቶ፦ 103,950 ብር
ዊዝሆልዲንግ፣ የሲአይኤፉ 3 በመቶ፦ 103,950 ብር
ጠቅላላ፦ 1,564,447.50 ብር

አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ እንደሚሄድ ልብ በሉ። ቫቱ ቀረጡን ይዞ ይሰላል፣ ሱር ታክሱ ደግሞ ቫቱንም ጨምሮ። ስለዚህ 10 እና 15 እና 10 እና 3 እና 3 ደምሮ 41 በመቶ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ጠቅላላውን ለሲአይኤፉ ስታካፍሉት 45.15 በመቶ ነው የሚወጣው።

ጋሼ የከፈለው ግን 1,767,622.50 ብር ነው። ለተያዘበት ሲአይኤፍ አካፈልኩት፣ ያው 45.15 በመቶ ወጣ። ምጣኔውም፣ መደራረቡም ልክ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ትክክል ነው» ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ይህ ፍተሻ ግን የሚይዘው የምጣኔ ስህተትን ብቻ ነው። መነሻው ሲያብጥ ሁሉም እኩል ስለሚያብጥ መቶኛው ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው ፍተሻ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውን የሲአይኤፍ ብር እዚያው ላይ በተጻፈው ምንዛሪ አካፍሉ። የጋሼ 3,915,000 ብር ለ150 ሲካፈል 26,100 ዶላር ሆነ። ወረቀቶቹ ሲደመሩ ደግሞ 23,100። ልዩነቱ ድፍን 3,000 ዶላር፣ ማለትም ልክ የማጓጓዣው ሂሳብ። ልዩነት ከአንድ ወረቀት ላይ ካለ ቁጥር ጋር እንዲህ ቁርጥ ሲል ያ ቁጥር ወይ ሁለት ጊዜ ገብቷል ወይ ተረስቷል።

ኢንቮይሱን ሳየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሻጩ የጻፈው 23,000 ዶላር ሲኤፍአር ጅቡቲ ብሎ ነው። ሲኤፍአር ማለት የመርከቡ ኪራይ ዋጋው ውስጥ አለ ማለት ነው። ትራንዚተሩ ግን እንደለመደው ኤፍኦቢ ነው ብሎ 23,000ውን የእቃ ዋጋ ቦታ ላይ አስገባ፣ ከዚያ ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ 3,000ውን አንስቶ እንደገና ማጓጓዣ ብሎ ሞላ። ሲስተሙ ምን ያድርግ? የተሰጠውን ደመረ።

ልዩነቱ 203,175 ብር ነው። ለ20,000 ጆንያ ሲካፈል በአንድ ጆንያ ከ10 ብር በላይ ማለት ነው።

«ቫቱ ይመለሳል፣ ዊዝሆልዲንጉም ከዓመቱ ግብር ይቀነሳል፣ ምን አሳሰበህ» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ እንየው። ከተጋነነው ውስጥ ቫቱ 74,250፣ ዊዝሆልዲንጉ 13,500 ብር ነው። እነዚህ በጊዜያቸው ይካካሳሉ፣ እስከዚያ ግን ገንዘባችሁ ተቀምጧል፤ ቡና የሚገዛበት ወቅት ደግሞ አይጠብቅም። ቀሪው 115,425 ብር ቀረጥ፣ ሱር ታክስና ማህበራዊ ልማት ነው። ይህ በየወሩ የቫት ሪፖርት የሚቀናነስ አይደለም። ካልጠየቃችሁት በቀር ወጪ ሆኖ ይቀራል፣ በአንድ ጆንያ 5.77 ብር። ለቫት ያልተመዘገበ ሰው ከሆነ ደግሞ ቫቱም ወጪው ነው።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። ኢንቮይሱ ኤፍኦቢ ሆኖ ማጓጓዣው ሳይገባ ቢቀር ትንሽ ከፍላችሁ ደስ ብሏችሁ ትወጣላችሁ። በኋላ ድህረ እቃ አወጣጥ ኦዲት ሲመጣ ግን ልዩነቱ ከነቅጣቱ ይጠየቃል፣ ጆንያው ደግሞ ያኔ ተሸጦ አልቋል። ስለዚህ ይህን ፍተሻ የምለው ለመቀነስ አይደለም፣ ልክ ለመክፈል ነው። ጉምሩኩ ራሱ የኢንቮይሱን ዋጋ ሳይቀበል ሌላ ዋጋ ከያዘ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እሱ የዋጋ ትመና ክርክር ነው፣ በቅሬታ ይታያል። ሁለቱን የምትለዩት ልዩነቱን አይታችሁ ነው። የትመና ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከማጓጓዣ ወይም ከኢንሹራንስ ወረቀት ጋር እንዲህ አይገጥምም።

የእኔ አቋም ይኸው ነው። ትራንዚተር ስራው ወረቀት ማስጨረስ ነው፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው። በተለይ ዩኒየኖች፣ የገበሬ ገንዘብ ስለሆነ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሂሳብ ክፍሉ ሦስት ነገር አይቶ ይፈርም። አንድ፣ ኢንቮይሱ ላይ ከዋጋው ጎን ያለው ቃል ኤፍኦቢ ነው ወይስ ሲኤፍአር? ሁለት፣ የሲአይኤፉ ብር ለምንዛሪው ሲካፈል ከወረቀቶቹ ድምር ጋር ይገጥማል? ሦስት፣ ጠቅላላው ለሲአይኤፉ ሲካፈል ከእቃው መቶኛ ጋር ይስማማል? በስልክ ካልኩሌተር አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሳይከፈል የተገኘ ስህተት ዲክላራሲዮን በማስተካከል ያልቃል። ከተከፈለ በኋላ ግን የተመላሽ ጥያቄ ነው፣ ማመልከቻና ማስረጃ ይዞ መመላለስ። ጋሼም አሁን እሱን ይዟል። ኢንቮይሱ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደላት ቀድሞ ቢያይ ኖሮ ያ ብር ዛሬ ቡና ይገዛበት ነበር።