ፎቶው የተነሣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ የልጅ ልጅ ከአረካ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከጉልበት በታች ያበጠ የሴት እግር ነው፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦ «ጋሼ፣ የጎረቤታችን እግር ነው፤ ዝሆኔ ነው አይደል? ፋሻ ገዝተን እናስርላት?»

ልጁ ዝሆኔን ማሰቡ አያስገርምም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ እግር የሚያሳብጠውን አንድ በሽታ ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር አያይዞታል። በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት በተወሰዱ ንፍፊቶች ውስጥ የአፈር ማዕድን ብናኝ አግኝቷል። በሽታው ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ አረካ ያለችበት ወላይታም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የአረካ እግር በፎቶ ሲመጣ እኛ ሐኪሞችም ጭምር ገና ሳንነካው ስም እናወጣለታለን።

ያበጠ እግር ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የአፈሩ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከእግር ጣቶችና ከመዳፍ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን እኩል አያሳብጣቸውም። በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ብሽሽትን አካባቢ ይነካል፤ ብሽሽቱን ደግሞ ማንም ፎቶ አንስቶ አይልክም። የሥጋ ደዌ እግርም ሊያብጥ ይችላል፤ የሚለየው በስሜት ነው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የእግሩን መዳፍ በጥጥ ጫፍ ሲነኩት ካልተሰማው፣ ነገሩ ሌላ ነው። በአፈሩ በሽታ ስሜቱ አይጠፋም። ይህን የትኛውም ካሜራ አያሳይም።

ሰዓቱም አለ። የአፈሩ በሽታ ሲጀምር እብጠቱ ሌሊት በእንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ይጎድላል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ጠዋትም የተወሰነ እብጠት ይቀራል። ስለዚህ ያው እግር ማታ ቢነሣ የከፋ፣ ጎህ ሲቀድ ቢነሣ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ለልጁ ደወልኩለትና ከሴትየዋ ጋር አገናኘኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማ ታደርጋለች፤ ከቤተሰቧም እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው የለም። ሁለተኛው እግሯስ? እሱም አብጧል፣ እኩል። ፎቶው ውስጥ የገባው አንዱ ብቻ ነበር። ልጁን በአውራ ጣቱ ቅልጥሟ አጥንት ላይ አሥር እስኪቆጥር ተጭኖ እንዲለቅ ነገርኩት። «ጎድጉዶ ቀረ፣ ጋሼ» አለኝ፤ ከፍ ብሎ እንዲሞክር ብለው እስከ ጉልበቷ ድረስ ይጎደጉዳል። ከዚያ ከእግር ጋር የማይያያዝ የሚመስለውን ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «ሌሊት ጋደም ብለሽ ትተኛለሽ?» ለሁለት ወር ያህል ተቀምጣ እንደምታድር፣ ዳገቱን ስትወጣም ትንፋሽ እያጠራት ሁለት ጊዜ እንደምታርፍ ነገረችኝ።

ፋሻውን ተዉት፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት አልኩ። ልቡ የደከመ ሰው እግሩ በፋሻ ጠብቆ ሲታሰር ውኃው ወደ ደም ይመለስና ለልቡ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። ለአፈሩ በሽታ ግን እግርን በሳሙና አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ ማሰር ዋናው ሕክምና ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት የሚሆነው እንዲህ ነው። ሆስፒታል የመረመራት ሐኪም የአንገቷን ደም ሥር አይቶ፣ ደረቷን አዳምጦ፣ በልብ አልትራሳውንድ የጠበበ የልብ ቫልቭ አገኘ። በልጅነት የሚያዝ የጉሮሮ ቁስለት ዓመታት ቆይቶ የሚያመጣው ጉዳት ነው።

እኔም ብሆን በስልክ ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅሁም። የልጁ አውራ ጣት የእኔን ጣት አይተካም፤ የልብን ድምፅም በስልክ አልሰማሁም። ጥያቄው የጠቀመን ማን ዛሬ፣ ማን ነገ መሄድ እንዳለበት ለመለየት ነው። ለምሳሌ አንድ እግር ብቻ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ካበጠና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን፣ ጠዋትና ማታ ያነሣል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ዙሪያውን በክር ይለካል፤ መቼና ከየት እንደ ጀመረ፣ ትኩሳት እንዳለ፣ ሰውየው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጽፎ ይልካል። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ አዛውንት ጻፈልኝ። ሦስት ፎቶዎች ነበሩ፤ ከሥራቸው፦ «ጋሼ፣ ጥጡ አልተሰማቸውም።» ፎቶዎቹን ሳልከፍት ደወልኩለት።