ሳይጠየቅ የተላከ ሲቪ፦ ለሥራና ሠራተኛ አገናኝ የምንሰጠው ፈቃድ ወሰን

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከመጀመሬ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ አንድ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ላስተዋወቀው የሥራ መደብ ሲቪዬን ልኬ ነበር፤ አልተመረጥሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በራሴ በቀጥታ ካመለከትሁበት ሌላ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ስልክ ተደወለልኝ። ማመልከቻዬ በሁለት በኩል እንደ ደረሳቸው ነገሩኝ። ኤጀንሲው እኔን ሳይጠይቅ ያንኑ ሲቪ ለዚያው መደብ ልኮት ኖሯል። እኔ በማመልከቻዬ 22,000 ብር ደመወዝ ስጠይቅ፣ ኤጀንሲው 18,000 ብር ብሎ ጽፎልኛል። ድርጅቱም ከክርክር ለመራቅ ስሜን ከዕጩዎች ዝርዝር አወጣው።

ድርጅቱ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለመረዳት የአገናኞችን አከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አገናኞች ክፍያ የሚያገኙት ያቀረቡት ሰው ሲቀጠር ብቻ ነው፤ ከፋዩም ቀጣሪው ነው። ስለዚህ የአንድን አመልካች ሲቪ አስቀድሞ ያስገባ አገናኝ «ዕጩው የእኔ ነው» የሚል የክፍያ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ይህ ጥያቄ በውላቸው መሠረት ለወራት ጸንቶ ሊቆይ ይችላል። በቀጥታ ያመለከተ ሰው ለቀጣሪው የአገናኝ ክፍያ አያስወጣውም፤ ያው ሰው በአገናኝ በኩልም ሲመጣ ግን ወጪም ክርክርም ይዞ ይመጣል። ችሎታቸው ተቀራራቢ ከሆኑ ዕጩዎች መካከል ቀጣሪው ክርክር የሌለበትን ቢመርጥ አያስደንቅም።

ከዚህ የከፋም አለ። ሲቪው አመልካቹ አሁን ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት ወይም ወደ እኅት ኩባንያው ሊደርስ ይችላል። ሥራ እየፈለገ መሆኑን አለቃው ከሌላ ሰው የሰማ ሠራተኛ የሚገጥመውን ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። አንድ ጊዜ የወጣ ሲቪ ደግሞ አይመለስም፤ ስለሆነም ጥያቄው መቅደም ያለበት ከመላኩ በፊት ነው።

አገናኞች የሚያቀርቡት መከራከሪያ «ሲቪህን ስትልክልን ፈቅደሃል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድን የሚመለከተው በነጻ የተሰጠ፣ የተለየና ፈቃጁ ምን እንደሚፈቅድ ዐውቆ የሰጠው እንደ ሆነ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም፣ የግል አገናኞች የሠራተኛውን መረጃ ሲይዙ ግላዊነቱን እንዲያከብሩ ያስገድዳል። የቀጣሪውን ስም ያላወቀ ሰው ለማን እንደፈቀደ ዐውቋል ሊባል አይችልም። ለአንድ መደብ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይተርፍም።

ፍጥነት ያስፈልጋል የሚለው ምክንያት ከዚህ የተሻለ ክብደት አለው፤ ቀጣሪው መደቡን በሁለት ቀን ሊዘጋው ይችላልና። ይሁን እንጂ የድርጅቱን ስም ጠቅሶ «ልላክልህ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል። አመልካቹ በቀጥታ እንዳያመለክት በመስጋት ስሙን መደበቅ የሚፈልግ አገናኝ ካለም፣ የሚጠብቀው የራሱን ጥቅም እንጂ የአመልካቹን አይደለም።

ስለዚህ ክልከላው ከሲቪው ጋር አብሮ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በጽሑፍ መሄድ አለበት። በስልክ የተነገረ ቃል ማስረጃ አይሆንም። እኔ ከዚያ ወዲህ የምልከው ኢሜይል እንዲህ ይላል፦ «ሲቪዬን የላክሁት ለጠቀሳችሁት መደብ ብቻ ነው። ለሌላ ለማንኛውም ድርጅት ከመላካችሁ በፊት የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡንና የምትጠቅሱትን ደመወዝ አሳውቃችሁ በጽሑፍ ያረጋገጥሁላችሁ እንደ ሆነ ብቻ ላኩ። ዝምታዬ ፈቃድ አይደለም።» ከዚህም ጋር የት፣ መቼና በማን በኩል እንዳመለከትሁ በአንድ ሠንጠረዥ እመዘግባለሁ፤ አገናኙ የድርጅት ስም ሲነግረኝ ከመፍቀዴ በፊት አመሳክራለሁ።

ይህ መልእክት አገናኙን በአካል አያግደውም። እንዲያውም ከላክሁላቸው መካከል አንዱ ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠኝም። ሆኖም ሲቪው ሳይፈቀድ ተልኮ ቢገኝ፣ ቀኑ የተመዘገበ ክልከላ ለቀጣሪው ማሳየት ይቻላል፤ አገናኙ እኔን ወክሎ እንዳልቀረበም ያስረዳል። ያን ጊዜ ስልክ ሲደወልልኝ በእጄ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልነበረም፤ ለሰው ኃይል ባለሙያዋ ልሰጣት የቻልሁት ቃሌን ብቻ ነበር፤ እርሱም አልበቃም።